ለልጄ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ልጽፍ ነው፤ ከዩኒፎርሙ ጋር የሚያሞቅ ልብስና የዝናብ ቦቲ እንዲፈቀድላት

እመ ቃልኪዳን

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው የግል ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙን አልጠቅስም። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጥቁር አፈር ነው። ማታ ከዘነበ ጠዋት ባጃጅ አይገባበትም፤ ሾፌሮቹ ገና ከመታጠፊያው ላይ አይቻልም ብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ አስፋልቱ ድረስ በእግር ወጥተን ነው የምንሳፈረው። በቆዳ ጫማ ስትሄድ ጭቃው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይደርሳል፤ ካልሲዋ ይርሳል፣ በዚያው በረጠበ ካልሲ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ትቀመጣለች።

ባለፈው ሳምንት ቦቲ አድርጌላት ላክኋት። በሩ ላይ ጥበቃው ከደንብ ውጭ ነው ብሎ አስወለቃት። ሰልፍ ላይ በካልሲ ቆመች። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ እኔ ግን አልቻልኩም።

ሹራቡም ሌላ ጣጣ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሸጠው ሰማያዊ ሹራብ ስስ ነው። አምና ታኅሣሥ ላይ ከላይ ጃኬት ደርባ ስትሄድ ጃኬቱ በር ላይ ተወስዶ ቢሮ ዋለ።

የጻፍኩት ማመልከቻ ይኸው። ከማስገባቴ በፊት እዩልኝ፦

«ለ………… ትምህርት ቤት፣ ባሕር ዳር
ጉዳዩ፡- ልጄ አስፈላጊውን ልብስና ጫማ እንድትለብስ እንዲፈቀድላት ስለመጠየቅ
ልጄ ተማሪ ………… በትምህርት ቤታችሁ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ በዝናቡና በብርዱ ምክንያት የሳንባ ምች እንዳይዛት እሰጋለሁ። ስለዚህ ለጤንነቷ አስፈላጊ የሆነውን ልብስና ጫማ እንድትለብስ እንዲፈቀድልኝ፣ እንዲሁም ልጄን በካልሲ ባቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ላይ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ በትህትና እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር»

ደባርቄ

እህቴ፣ ልጅሽ ስለደረሰባት ነገር አዝኛለሁ። ግን ባሕር ዳር ብርድ አለ ተብሎ ማመልከቻ ሲጻፍ ዛሬ ገና አየሁ። እኔ ያደግኩት ደባርቅ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ እያየን በአንድ ሹራብ ነው የተማርነው። ዳይሬክተሩ ይህን ሲያነብ «ባሕር ዳር ቆላ ነው፣ ምን ብርድ አለ» ብሎ እንዳይመልስልሽ እፈራለሁ። ስለ ቦቲው ብቻ ብትጽፊ ይሻላል።

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ እኔ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚሁ ከተማ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። እንደዚህ ያሉ ማመልከቻዎች በእጄ አልፈዋል። የትኛው እንደሚፈቀድና የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ያንቺ አሁን እንዳለ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጥበቃውን ከደብዳቤው አውጪው። ልጅን በካልሲ ማቆም ጥፋት ነው፤ መነገርም አለበት። ግን ክስና ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ሲቀርቡ ቢሮው የሚይዘው ክሱን ነው። ጥበቃው ይጠየቃል፣ እሱም የተሰጠኝን ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት ይላል፤ እውነቱን ነው። ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል፣ የልጅሽ ቦቲ ሳይነሳ ይቀራል። ስለ ጥበቃው በአካል ሄደሽ ለምክትሉ ንገሪው።

ሁለተኛ፣ «አስፈላጊውን ልብስና ጫማ» ያልሽው ነገር ሊፈቀድ አይችልም። ዳይሬክተሩ ምን ላይ እንደሚፈርም አያውቅም። ዛሬ ላንቺ ልጅ ከፈረመ፣ ነገ ሌላው ወላጅ ቀይ ጃኬትና የስፖርት ጫማ «አስፈላጊ ነው» ብሎ ሲመጣ ምን ይመልሳል? ልብሱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቀለሙ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ የት ተለብሶ የት እንደሚወልቅ ተጽፎ ሲያገኘው ግን ለመፍቀድ እጁ አይከብደውም።

ሦስተኛ፣ ደንቡ ለምን እንደወጣ አስቢ። ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ የሚያጠብቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለው ልጅ የኛ ተማሪ ነው ወይስ ከውጭ የገባ የሚለው ከሩቅ መለየት አለበት። ጃኬት ከላይ ሲደረብ የሸሚዙ ቀለምም ዓርማውም ይሸፈናል፤ አምና ጃኬቷ የተወሰደው በዚህ ይመስለኛል። ሁለተኛው፣ ያለውና የሌለው ልጅ በልብስ እንዳይተያዩ ነው። ደብዳቤሽ እነዚህን ሁለቱን ሳይነካ ከጠየቀ የሚቃወምሽ የለም። ከውስጥ የሚለበስ ነገር ደግሞ አንዱንም አይነካም፤ ስለዚህ ሹራቡና ቦቲው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በአንድ ደብዳቤ ይሁኑ፣ ግን ተራ ቁጥር ይኑራቸው፤ አንዱ ቢከለከል ሌላው አብሮ እንዳይወድቅ።

የሄለን አባት

መምህር ያሉት ልክ ነው፤ የሳንባ ምቹን ግን አታውጪው እህቴ። ዋናው እሱ ነው። ብርድ ሳንባ ሲመታ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ለልጆቼ ከሸሚዙ በታች ወፍራም ቴርማል ሁለት ደርቤ ነው የምልካቸው፤ ስለማይታይ ማንም አይናገራቸውም፣ ፈቃድም አላስፈለገኝም። ቦቲውንም ቢልሃርዚያ ይከላከላል ብለሽ ጻፊ። ጣና ዳር ነን፣ ትምህርት ቤቱ ይህን እምቢ ማለት አይችልም።

ነርስ ነኝ

የሄለን አባት፣ አሳብዎ ለልጆች መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ሁለቱም ደብዳቤውን ያዳክሙታል።

የሳንባ ምች የሚመጣው ከተህዋስ ነው፤ ብርድ ብቻውን አያመጣውም። ዳይሬክተሩ የባዮሎጂ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ባይሆንም ቢሮው ውስጥ አንድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የተሳሳተ ምክንያት ሲያዩ ትክክለኛውንም አብረው ይጥሉታል። ልጅቷ አስም ካለባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር አስምን ይቀሰቅሳል። ያኔ የሐኪም ማስረጃ አያይዛ ማመልከት ትችላለች፣ እሱን ማንም አይከለክልም። ካልሆነ እውነተኛውን መጻፍ ይበቃል፤ ልጅ እግሩ ረጥቦ፣ እየተንቀጠቀጠ ትምህርት አይገባውም።

ቢልሃርዚያም የሚይዘው ቀንድ አውጣው ባለበት ውሃ ውስጥ ሲገቡ ነው፤ ልጆች ሐይቁ ዳር ሲዋኙ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ በውሃው ሲሻገሩ። የሰፈር ጭቃ ላይ ቦቲ ማድረግ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ደባርቄ፣ አንተም በግማሹ ልክ ነህ። ባሕር ዳር እንደ ደባርቅ አይበርድም። ችግሩ ሌላ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ 26 ወይም 27 ይደርሳል። ልጅቷ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤት ስትወጣ ትንቀጠቀጣለች፣ 6 ሰዓት ላይ ያልባታል። ሁለት ወፍራም ቴርማል ከውስጥ የለበሰ ልጅ ሲሞቀው ምን ያደርጋል? ክፍል ውስጥ ሸሚዙን አውልቆ አያወጣውም። በላቡ ይረጥባል፣ በረጠበ ልብስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያ ላይ ከሸሚዙ በታች ሲጨናነቅ አየር የሚይዝ ቦታ ስለማይኖር እንደታሰበው አያሞቅም። ሙቀቱን የሚይዘው በልብሶቹ መካከል ያለው አየር ነው።

ለዚህ ከተማ የሚስማማው ከውስጥ አንድ ስስ ካናቴራ፣ ከላይ ደግሞ በቀላሉ የሚወልቅ ወፈር ያለ ሹራብ ነው። ለሴት ልጅ ከቀሚሱ በታች ታይት። ስለዚህ እህቴ፣ ከውስጥ የሚለበስ ብቻ ይፈቀድልኝ ካልሽ የማይጠቅምሽን ነው የምትጠይቂው። የሚያስፈልጋት 4 ሰዓት ላይ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ የምታስቀምጠው ሹራብ ነው።

እመ ቃልኪዳን

ነርሷ እግዜር ይስጥልኝ። አስም የለባትም፤ የሳንባ ምቹን አወጣዋለሁ። ግን መምህር ከውስጥ የሚለበስ ይቀላል አሉ፣ እርስዎ ደግሞ ከላይ የሚወልቅ ነው የሚጠቅመው አሉ። የቱን ልጠይቅ?

መምህር በጡረታ

ነርሷ ያለችው ይሻላል። እኔ ያየሁት ከቢሮው በኩል ነው፤ እሷ ያየችው ከልጅቷ በኩል። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ከላይ የሚለበሰው ሹራብ ቀለሙ ከትምህርት ቤቱ ሹራብ ጋር አንድ ይሁን፤ ጽሑፍና ሥዕል አይኑርበት፤ ከፊት በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚከፈት ሆኖ የሸሚዙ ኮሌታ ይታይ። ዓርማው የሚሰፋበት ደረት ላይ ከሆነ ዓርማ ገዝተሽ ሹራቡ ላይ ስፊው። ያኔ ከሩቅ የኛ ተማሪ ናት፤ የደንቡ ሥጋት ተነሳ። ጃኬትን ግን አትጠይቂ። ጃኬት የሚለው ቃል ራሱ በር ያስዘጋል።

ሰላም ዋለ

ይህ ጉዳይ በመነሳቱ ደስ ብሎኛል። ዩኒፎርም ከትምህርት ቤቱ ብቻ ግዙ እየተባልን በእጥፍ ዋጋ እየከፈልን ነው። ልጆቼ ሁለት ናቸው፣ በየዓመቱ ዓርማው ትንሽ ይቀየርና የታላቅየው ለታናሹ አይሆንም። አንድ ላይ ፈርመን ዩኒፎርም እንዲቀር እንጠይቅ። እኔ ቁጥር አንድ ፈራሚ ነኝ።

እመ ቃልኪዳን

ወንድሜ፣ የኔ ጥያቄ ዩኒፎርም ይቅር አይደለም። እንዲያውም ዩኒፎርሙን እወደዋለሁ፣ ጠዋት ምን ትልበስ ብዬ አልጨነቅም። ያልከው የዋጋ ነገር እውነት ነው፤ ግን ከኔ ደብዳቤ ጋር ከተቀላቀለ መምህር እንዳሉት ሁለቱም ይቀራሉ። ለብቻው ክፈተው፣ እዚያ እመጣለሁ።

የወመህ አባል

እኔ የሌላ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። የሹራቡን ጥያቄ እደግፋለሁ። የቦቲው ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሦስት ነገር ያሳስበኛል።

አንደኛ፣ የዚህች ልጅ እናት አቅሟ ስለፈቀደ ቦቲ ገዛች። የማይችለው ወላጅስ? በዝናብ ቀን ክፍሉ ባለ ቦቲና ባለ ኮንጎ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ዩኒፎርም የወጣው ደግሞ ይህ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛ፣ የጥቁር አፈር ጭቃ ከቦቲ ሶል ላይ በቀላሉ አይለቅም፤ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት የምትጎዳው። ሦስተኛ፣ በር ላይ ወልቆ ቢቀመጥ የሠላሳ ልጅ ጥቁር ቦቲ ማን ይለየዋል? ጠፋብኝ የሚል ወላጅ በየቀኑ ቢሮ ይመጣል።

እናትየውን ለመቃወም አይደለም። ዳይሬክተሩ እነዚህን ያነሳል፤ መልስ ይዘሽ ግቢ ለማለት ነው።

መምህር በጡረታ

ያነሳሽው ሁሉ ትክክል ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው መልስ አለ። ቦቲው የመንገድ ጫማ ነው ተብሎ ይጻፍ። ልጅቷ ቦርሳዋ ውስጥ በፌስታል የቆዳ ጫማዋንና ደረቅ ካልሲ ትይዛለች፤ በረንዳ ላይ ትቀይራለች፣ ቦቲውን በዚያው ፌስታል አስራ መቀመጫዋ ሥር ታስቀምጣለች። ጭቃው ፌስታል ውስጥ ይቀራል፣ ቦቲውም ከእጇ አይወጣም። ስሟን በነጭ ቀለም ከውስጥ በኩል ጻፊበት። ለጠፋ ንብረት ትምህርት ቤቱ እንደማይጠየቅ አንቺው ራስሽ ደብዳቤው ላይ ጻፊ፤ ይህች አንዲት መስመር ዳይሬክተሩን ከብዙ ጭንቀት ታሳርፈዋለች።

ለአንደኛው ግን መልስ የለኝም። ቀለሙ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው ይሁን ቢባል ልዩነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ኮንጎ ጫማም አብሮ ይፈቀድ ብትዪ አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል።

የወመህ አባል

መምህር፣ ኮንጎ ክፍት ነው፤ ጭቃ ይገባበታል። የሚቀየር ደረቅ ካልሲና ጫማ ካለ ግን ይሁን እላለሁ። የአቅሙ ነገር አሁንም አልተዋጠልኝም።

ዘጌ ነኝ

የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ግን ወላጆች ልብ እንዲሉት ልጻፈው። እኛ ሰፈር አንዳንድ ቀን ልጆች በጀልባ ወደ ከተማ ይሻገራሉ። ጠዋት ከሐይቁ ላይ የሚነሳው ንፋስ ከየብሱ ይልቅ ይበርዳል፤ ለሹራቡ ጉዳይ ከእመ ቃልኪዳን ጋር ነኝ። ቦቲ ያደረገ ልጅ ግን ጀልባ ላይ አታሳፍሩ። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ቦቲው ውሃ ይሞላና እግሩን እንደ ልብ እንዳያንቀሳቅስ ያደርገዋል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ያስቸግረዋል። የኛ ልጆች ወደብ ላይ አውልቀው በእጃቸው ይይዙታል፣ ከጀልባው ሲወርዱ ያደርጉታል። ስትጽፉ ይህንንም አስቡት።

ባለ ባጃጅ

እኔ በዚያው በሽምብጥ በኩል ነው የምሠራው። ሰው እንደሚያስበው ስንፍና አይደለም፤ ያ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጎማው ላይ ይጠቀለልና የጭቃ መከላከያው ሥር ገብቶ ጎማውን ያስረዋል። ብዙ ወላጆች የሚያደርጉትን ልንገርሽ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ካለው ሱቅ ባለቤት ጋር ተነጋገሪ። ልጅቷ እስከ ሱቁ በቦቲ ትምጣ፣ እዚያ ቀይራ ቦቲውን ትታው ትሳፈር፣ ስትመለስ ደግሞ ታድርገው። ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ጭቃ ከሌለ ቦቲው ግቢው ጋ መድረስ የለበትም።

እመ ቃልኪዳን

ይህ አላሰብኩትም ነበር፤ ከነገ ጀምሬ አደርገዋለሁ። ችግሩ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሏ ያለውም ግቢ ጭቃ መሆኑ ነው። ጠጠር የፈሰሰበት ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አልተውም።

ሁላችሁም ባላችሁት መሠረት እንደገና ጻፍኩት፦

«ቀን፡- መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ………… ትምህርት ቤት
ባሕር ዳር
ጉዳዩ፡- በዩኒፎርም ደንብ ውስጥ ስለ ሹራብ፣ ታይትና የመንገድ ቦቲ ፈቃድ ስለመጠየቅ

የ3ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ተማሪ ………… ዩኒፎርሟን አሟልታ እንድትገኝ የትምህርት ቤቱን ደንብ አክብሬ እየሠራሁ ነው። ሆኖም ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በዝናብ ወቅት ጭቃ ስለሚሆን በረጠበ ካልሲ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ትቀመጣለች። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ጠዋት ላይ በስስ ሹራብ ሰልፍ ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ የሚከተሉት ሁለት ጉዳዮች በየራሳቸው ታይተው እንዲፈቀዱላት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1ኛ. ከኅዳር 1 እስከ የካቲት 30፣ ከሸሚዟ በታች ነጭ ካናቴራ፣ ከቀሚሷ በታች ጥቁር ወይም ሰማያዊ ታይት፣ ከላይ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሹራብ ጋር አንድ ቀለም ያለው፣ ጽሑፍና ሥዕል የሌለበት፣ ከፊት የሚከፈት ወፍራም ሹራብ እንድትለብስ። የትምህርት ቤቱ ዓርማ በሹራቡ ላይ ይሰፋል፣ የሸሚዙ ኮሌታም ይታያል።

2ኛ. በመስከረምና በጥቅምት፣ እንዲሁም ከግንቦት አጋማሽ እስከ ትምህርት መዝጊያ፣ ጌጥ የሌለው ጥቁር ቦቲ እስከ ክፍሏ በረንዳ ድረስ እንድታደርግ። ክፍል ከመግባቷ በፊት በጥቁር የቆዳ ጫማዋ ትቀይራለች፣ ቦቲውን በፌስታል አስራ ከራሷ ጋር ታስቀምጣለች። ቦቲው ቢጠፋ ትምህርት ቤቱን አልጠይቅም።

የሚሰጠው ፈቃድ ለክፍል ኃላፊ መምህሯና ለበር ጥበቃ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የወላጅ ስምና ፊርማ …………
ግልባጭ፡- ለወላጅ መምህር ኅብረት»

መምህር በጡረታ

አሁን ደብዳቤ ሆነ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። «ለልጄ» ከሚለው በተጨማሪ «ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው የ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተማሪዎችም ቢታይ» የሚል አንድ ሐረግ አስገቢበት። ለአንድ ልጅ መፍቀድ አድልዎ ይመስላቸዋል፤ ለትንንሾቹ ሁሉ መፍቀድ ግን ውሳኔ ነው፣ ከውሳኔ በኋላ ጠያቂ አይመጣም። ሌላው፣ በሁለት ቅጂ አትመሽ መዝገብ ቤት አስገቢው። አንዱን ለእነሱ ተዪ፣ ያንቺ ቅጂ ላይ ደርሶናል የሚል ማህተምና ቁጥር ይደረግልሽ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ስትጠይቂበት አላየነውም ይሉሻል።

ጥበቃው እንዲገለጽለት ያልሽው የደብዳቤው ዋና መስመር ነው። ጠዋት በሩ ላይ ዳይሬክተሩ የለም። ልጅቷ የምትገናኘው ከጥበቃው ጋር ነው፣ እሱ ያልደረሰው ፈቃድ ደግሞ እንዳልተሰጠ ነው።

የሄለን አባት

ነርሷ፣ ልጆቼን ትናንት ስጠይቃቸው ከ5 ሰዓት በኋላ ወበቅ እንደሚሆንባቸው ነገሩኝ። ሁለቱን ወደ አንድ አወርደዋለሁ። ቦቲ ልግዛላቸው ብዬ ነበር፤ ቁጥሩን እንዴት ልምረጥ? ሻጩ እንዲያድጉበት ሁለት ቁጥር ጨምር ይለኛል።

ነርስ ነኝ

ሁለት ቁጥር አይጨምሩ። እግር ውስጡ ከተንሸራተተ ጥቁር አፈር ላይ ቦቲው ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ይቀራል፣ ልጁ በካልሲው ይረግጣል። ልጁ ወፍራም ካልሲ አድርጎ ቦቲውን ያጥልቅ፤ ጣቶቹን ወደ ፊት ገፍቶ ሲቆም ከተረከዙ ኋላ የእርስዎ አንድ ጣት ከገባ ልክ ነው። ጣትዎ ካልገባ ይጠበዋል፣ ሁለት ጣት ከገባ ይሰፋዋል። የቦቲው አፍ ባቱን እንዳይፍቀው ካልሲው ከቦቲው ጫፍ በላይ ይድረስ።

ቦቲ አየር ስለማያስገባ እግር ውስጡ ያልባል። ቀኑን ሙሉ አድርጎት የሚውል ልጅ ከጭቃ አምልጦ በላብ ይረጥባል፣ በጣቶቹ መካከል መቆሳሰልም ይጀምራል። ክፍል ሲገባ ይቀየር መባሉ ከጽዳቱ በላይ ለልጁ እግር ነው። ማታ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ይደር፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል።

እመ ቃልኪዳን

መልስ መጥቷል። ቁጥር ባለው ደብዳቤ፣ ማህተም ያለበት።

1ኛው ተፈቅዷል። ካናቴራና ታይት ለሁሉም የ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ፤ ሹራቡ እኔ በጻፍኩት ቀለምና ጊዜ፣ ዓርማው ከትምህርት ቤቱ ተገዝቶ እንዲሰፋ። በበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳም ተለጥፏል። ጠዋት ከሰሌዳው ፊት ሁለት እናቶች ቆመው ሲያነቡ አየሁ።

2ኛው ለወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ይቅረብ ተብሏል፤ ስብሰባው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ በቃል «እስከዚያ ልጅሽ ብታደርገው ግድ የለም» ብሎኛል። ስለ በሩ ነገርም ምክትሉን አነጋግሬያለሁ፤ ልጅ ጫማ አውልቆ እንዳይቆም፣ ችግር ካለ ወላጅ እንዲጠራ ለጥበቃዎቹ እንነግራለን አሉኝ።

የወመህ አባል

ስለ 1ኛው እንኳን ደስ አለሽ። 2ኛውን ግን ልብ በይ፤ ኅዳር ላይ መንገዱ ደርቋል። ስብሰባው ላይ ጭቃ ያየ ሰው አይኖርም፣ «አሁን ዝናብ የለም፣ ወደፊት እናየዋለን» ተብሎ ይታለፋል። ከባዱ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ፣ ያኔ ደግሞ ትምህርት ስለሌለ፣ ሰው ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ነው የሚያየው። አሁን እያለ የመንገዱንና የግቢውን ጭቃ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ለስብሰባው ይዘሽ ግቢ። ውሳኔው ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ እንደሚሠራ ቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የአቅሙን ነገርም እዚያው አንሺው። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ልጆች ሲያድጉ የጠበባቸውን ጫማ ወላጆች መልሰው ይሰጣሉ፤ ለቦቲ ይሠራ እንደሆነ አልሞከርንም።

መምህር በጡረታ

የቃል ፈቃዱን እንደ ፈቃድ አትቁጠሪው። ጥበቃዎቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት፤ ዛሬ የሰማው ነገ ተረኛ አይደለም። ዳይሬክተሩ የልጅቷ የመገናኛ ደብተር ላይ አንድ መስመር ጽፎ ይፈርምልሽ፤ «ቦቲ እስከ በረንዳ፣ እስከ ጥቅምት 30» ብቻ ይበቃል። ደብተሩን በሩ ላይ ታሳየዋለች።

እመ ቃልኪዳን

ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። ፎቶውንም ዛሬ አነሳዋለሁ፤ ማታ ዘንቦ ነበር፣ ባጃጆቹ ዛሬም አልገቡም።